ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ የአገሬን ሰው በምን ቋንቋ ሰላም እንደምል

የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን ዲሲ ሰሜናዊ ጫፍ ጋር የምትዋሰን የሜሪላንድ ከተማ ናት። እንጀራ መሸጫው፣ ምግብ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ በአማርኛ ፊደል ስሙን የጻፈባት በመሆኗ የአገሬን ሰው ሳላስተናግድ የምውልበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ሥራዬ የተዘጋጀውን መድኃኒት ለባለቤቱ ማስረከብ ነው፤ ስም እጠይቃለሁ፣ የልደት ቀን አመሳክራለሁ፣ ክፍያ እቀበላለሁ። በቅርቡ አንዲት የአገራችን ልጅ ተቀጥራ አጠገቤ መሥራት ስትጀምር መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ መድኃኒት አልነበረም። “የእኛ ሰው ሲመጣ በአማርኛ ሰላም ልበል ወይስ በእንግሊዝኛ?” አለችኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ረጅም ስለሆነ በክሊኒክ፣ በባንክ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ኋላ ለምትሠሩ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ እዚህ በሰፊው ጽፌዋለሁ።

አጭሩ መልሴ ይህ ነው፦ እንደማንኛውም ደንበኛ በእንግሊዝኛ ጀምሪ፤ ስሙን ግን አስተካክለሽ ጥሪው።

ስም ማለቴ በምክንያት ነው። ጸጋዬ የተባለ ሰው እዚህ አገር ስሙ በትክክል ሲጠራ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪው “ጸ”ን አያውቃትም፣ “ቀ”ን ወደ “ከ” ይለውጣታል፣ ጠብቆ የሚነበበውን አላልቶ ያልፈዋል። እኔ በእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር መካከል “ጸጋዬ” ብዬ እንደ እናቱ ስጠራው ከየት እንደመጣሁ ነግሬዋለሁ። በጎኑ የቆመው ሰው ምንም አላወቀም፤ እሱ ግን አውቋል። ከዚያ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም እላለሁ። መናገር ከፈለገ በዚያች ክፍተት ውስጥ “ኧረ አበሻ ነሽ እንዴ!” ይላል፤ ካልፈለገም በእንግሊዝኛ የልደት ቀኑን ነግሮኝ ይቀጥላል። ሁለቱም መልስ ነው፤ ሁለቱንም ያለ ቅሬታ እቀበላለሁ። ጸጋዬን በራሱ ስም መጥራቴም ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የአያት ወይም የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ስለሚገባ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች አንዲትን ሴት በአባቷ ስም “ሚስስ ተስፋዬ” ብለው ይጠሯታል። እኔ በራሷ ስም እጠራታለሁ፤ ለአገሬ ሰው አክብሮቱ እዚያ ላይ ነውና።

በቀጥታ በአማርኛ ለምን አልጀምርም? ዋናው ምክንያት መድኃኒት የሰው ገመና መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጤና መረጃ ጥበቃ ሕግ የታማሚን ጉዳይ ለማይመለከተው ሰው እንዳናወራ ያስገድደናል። እኛ አገር ሰው ግን ሕጉ ብቻ አያረጋጋውም። የሚፈራው “ይህቺ ልጅ የማንን ልጅ ታውቃለች? የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሄደው? እድሬ ውስጥ ማን አላት?” የሚለውን ነው። ፈረንጅ ፋርማሲስት የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት መድኃኒት እንደሚወስድ ቢያውቅበት ወሬው እዚያው ይቀራል። የአገሩ ሰው ካወቀበት ግን በሦስት ስልክ አዲስ አበባ ይደርሳል ብሎ ያስባል። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ አማርኛ ሲሰማ ደስ ከመሰኘቱ በፊት ይደነግጣል። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ የአገሩን ሰው ከሩቅ ሲያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ “ሰላም ነው ወንድሜ! እንዴት ነህ!” ማለት ይወድ ነበር፤ ልቡም ንጹሕ ነበር። ወረፋው ውስጥ የቆሙ ሌሎች የአገራችን ሰዎች ግን በአንድ ጊዜ ዞር ብለው ሰውየውን ያዩታል። ሰውየው የማንም ዐይን ሳያርፍበት ወስዶ ሊሄድ ነበር የመጣው። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ በሚቀጥለው ወር ማዘዣቸውን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲያዛውሩ አይቻለሁ።

አንድ ደንበኛ አለን፤ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ባንኮኒው ላይ ከእኔ ጋር ከእንግሊዝኛ በቀር ተናግረው አያውቁም፤ “ሄሎ”፣ “ታንክ ዩ”፣ በቃ። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ስቆም አገኘኋቸው። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው “እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ደከመሽ ዛሬ?” አሉኝ፤ ስለ ጎንደር፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ቅዝቃዜው እያወራን ሄድን። በነጋታው ባንኮኒው ላይ ሲመጡ እንደገና “ሄሎ” አሉኝ። እኔም “ሄሎ” አልኩ። ሰውየው እኔን አልሸሹኝም፤ ያቺን ቦታ ብቻ ከአማርኛ ለይተው አስቀምጠዋታል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ትናንት መንገድ ላይ በተጨዋወታችሁበት ቋንቋ ዛሬ ባንኮኒው ላይ አትጀምሩ። ቋንቋው ከሰውየው ጋር ብቻ ሳይሆን ከቦታው ጋርም የተያያዘ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከሰላምታው ኋላ የሚከተለው ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ሰላምታ ብቻውን አይመጣም። “ከየት ነህ? የየት ሰፈር ልጅ ነህ? መቼ መጣህ? ወረቀትህ አለቀልህ?” እያለ ይቀጥላል። አገር ቤት ይህ መተሳሰብ ነው። እዚህ ግን የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ሰው “መቼ መጣህ” ሲባል ልቡ ይመታል፤ “ከየት ነህ” የሚለውም እ.ኤ.አ. በ2020 ከተነሣው የትግራይ ጦርነት ወዲህ ለብዙ ሰው የዘር ጥያቄ ሆኖ ነው የሚሰማው። በእንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው አንዳንዴ የሚሸሸው ቋንቋውን ሳይሆን እነዚህን ጥያቄዎች ነው። ስለዚህ ሰውየው በአማርኛ ቢመልስልኝም እንኳ ከእነዚህ አንዱንም አልጠይቅም። እሱ ከጠየቀኝ በአጭሩ እመልሳለሁ።

ደንበኛው በእንግሊዝኛ ሲመልስ አልገባውም ወይስ አልፈለገም የሚለውን ለማወቅ ፊቱንና ትንፋሹን እመለከታለሁ። አማርኛ የገባው ሰው አፉ በእንግሊዝኛ ቢመልስም አካሉ ቀድሞ ይመልሳል፤ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ ወይም “አዎ” ለማለት ያቺን የእኛን አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ይህን ካየሁ አማርኛ ያውቃል፣ ግን እዚህ አልፈለገም ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ እቀጥላለሁ። አንገቱንም ካልሰበረ፣ ትንፋሹንም ካልሳበ፣ ትኩር ብሎ ብቻ ካየኝ ቋንቋው ሌላ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ትግርኛ ተናጋሪዎችን ለይቼ ማንሳት አለብኝ፤ ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። መልካችን አንድ ስለሆነ በአማርኛ መጀመር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ትግርኛ ተናጋሪ ሁሉ ከአማርኛ ጋር ያለው ታሪክ አንድ አይደለም። በዕድሜ ጠና ያሉ ኤርትራውያን ብዙዎቹ አማርኛን በትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረሰ በኋላ የትምህርቱና የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ስለነበር። አጥርተው ያውቁታል። ተገደው እንደተማሩትም ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ አስመራ ተወልደው ያደጉት ወጣቶች ደግሞ ከዘፈንና ከፊልም ካልለቀሙት በስተቀር አማርኛ አያውቁም። በመካከል አዲስ አበባ ተወልደው እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በነበረው ጦርነት ጊዜ የተባረሩ አሉ፤ እነዚህ ከእኔ የተሻለ የአዲስ አበባ አማርኛ ይናገራሉ። አንዳንዶቹ ሲሰሙት ዐይናቸው እንባ ያቀርራል፤ አንዳንዶቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። የትግራይ ልጆች አማርኛን በትምህርት ቤት ተምረውታል፣ አብዛኛዎቹም ጥሩ አድርገው ይናገሩታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ ግን ቀድሞ በአማርኛ ያዋሩኝ የነበሩ ደንበኞች ወደ እንግሊዝኛ ሲዞሩ አይቻለሁ። ቅር አላለኝም። ቤተሰቡ ያለበትን ሳያውቅ ወራት ለቆየ ሰው የምላስ ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም።

ስሙን ስጠራ የምጠነቀቀውም ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ Tesfay ተብሎ ከተጻፈ “ተስፋይ” ነው የምለው፤ Tesfaye ከሆነ “ተስፋዬ” ነው። አንዲት ፊደል ናት፣ ግን የትግርኛውን ስም ወደ አማርኛ ለውጬ ብጠራው ሰውየው እንዲሰማው ከምፈልገው ተቃራኒውን ነው የሚሰማው። ስም ግን ከዚህ በላይ አይናገርም። ኪዳኔ፣ ኃይሌ፣ ሙሉጌታ የሚሉት ስሞች በየትኛውም ወገን አሉ። ሙሐመድም ከሐረር፣ ከወሎ፣ ከጅግጅጋ፣ ከከረን ሊሆን ይችላል። ስሙን አጥርቼ እጠራለሁ፣ ቋንቋውን ግን አልገምትም።

ከኦሮሚያ የመጡትም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች አፋን ኦሮሞ የትምህርት ቋንቋ ሆኗል፤ አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ የተሰጠው ልጅ፣ በተለይ ከሐረርጌና ከባሌ ገጠር የመጣ፣ አማርኛን አቀላጥፎ ላይናገር ይችላል። እንግሊዝኛው ከአማርኛው የተሻለ ሊሆንም ይችላል። በእንግሊዝኛ ሲመልስልኝ ንቀት አድርጌ ብወስደው ሰውየውንም ራሴንም እበድላለሁ። “አበሻ ነህ?” የሚለውን ጥያቄም እኔ አልጠቀምበትም። ብዙዎቻችን ኤርትራዊውንም ኢትዮጵያዊውንም አቅፎ የሚይዝ አድርገን ነው የምንለው፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሲዳማው ግን ብዙ ጊዜ ራሱን በዚያ ስም አይጠራም። ደንበኛው ራሱ ቢለው ግን ደስ ብሎኝ እቀበለዋለሁ።

“ታዲያ በቋንቋቸው ሁለት ቃል ብልስ?” አለችኝ ልጅቷ። ማለቱ መልካም ነው፤ ማለት ከሚገባው ቦታ ላይ ከሆነ። እኔ የምለው ደንበኛው ቋንቋውን ራሱ ካሳየኝ በኋላ ነው፤ ለምሳሌ በስልክ በትግርኛ ሲያወራ ቆይቶ ወደ ባንኮኒው ከደረሰ። ለአዛውንት “ከመይ ኣለኹም” እላለሁ፤ ለኦሮሞ አዛውንት “አካም ጅርቱ”። ሁለቱም የአክብሮት መልክ ናቸው። ለአቻ የሚባሉት “ከመይ ኣለኻ” ወይም “አካም ጅርታ” ለአዛውንት አይሆኑም። ከዚያ ወዲያው አቅሜን እናገራለሁ፤ “ትግርኛ ብዙሕ ኣይክእልን እየ” ብዬ። ይህን ካላልኩ ሰውየው ሕመሙን ሁሉ በትግርኛ ይዘረግፍልኛል፤ እኔ ግማሹን ሳልሰማ አንገቴን እነቀንቃለሁ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ያ አደገኛ ነው። ቋንቋውን ገምቼ ግን ከቶ አልጀምርም። በጦርነቱ ወራት አንድ ሰው ሳያውቁት በትግርኛ ሰላም ሲባል “እንዴት አወቅሽብኝ?” የሚል ስጋት ፊቱ ላይ ሲነበብ አይቻለሁና።

አማርኛችን ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ የማያመጣው ጣጣ አለ። “ሄሎ” ብለሽ ስትጀምሪ የሰውየውን ዕድሜ አልፈረድሽም። “እንዴት ነህ” ወይም “እንዴት ነዎት” ስትዪ ግን በመጀመሪያው ቃል ላይ ደረጃውን ወስነሻል። ሃምሳ ዓመት ገደማ ያለች ሴት “እንዴት ነዎት” ብትባል አርጅተሻል የተባለች ይመስላታል፤ “እንዴት ነሽ” ብትባልም “ይህቺ ልጅ ደፈረችኝ” ልትል ትችላለች። ለዚህ እኔ “ጤና ይስጥልኝ” እላለሁ፤ ለወንዱም ለሴቱም፣ ለልጁም ለአዛውንቱም አንድ ነው። “ሰላም ነው?” የሚለውም እንዲሁ ማንንም አይለይም። ከዚያ በኋላ ሰውየው ራሱን እንዴት እንደሚያቀርብ እሰማለሁ። “እህቴ” ካለኝ እኩያ አድርጎኛል፤ “የኔ ልጅ” ካለኝ እርስዎ እላለሁ። ጠና ያሉ ሰው “አንቱ አትበይኝ” ካሉኝም እንደ ትእዛዝ ወስጄ አንተ እላለሁ።

አማርኛ ከተከፈተ በኋላ ምን እንደሚለወጥ በአንድ ጉዳይ ላሳይ። አንዲት እናት መጡ እንበል፤ ስማቸውን አጥርቼ ስጠራ ፊታቸው በራ፤ “ተመስገን! እንግሊዝኛው አስጨንቆኝ ነበር” አሉኝ። በአማርኛ ቀጠልን። የልደት ቀናቸውን ስጠይቅ “ሚያዝያ 12 ቀን 1941” አሉኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ግን ኤፕሪል 20 ቀን 1949 ነው። ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1941 ሲመለስ ልክ ኤፕሪል 20 ቀን 1949 ይሆናል። አንድን ሰው በእንግሊዝኛ ብጠይቀው መታወቂያው ላይ ያለውን በቃል ያጠናውን ይነግረኛል፤ በአማርኛ ስጠይቀው ልቡ ውስጥ ያለውን ይነግረኛል። ስለዚህ ስምና የልደት ቀን የማመሳክረው ቋንቋውን ከመቀየሬ በፊት ነው። ቀይሬ ከሆነ ደግሞ “በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ መታወቂያዎ ላይ ያለውን” ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው መታወቂያው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈለትም አለ፤ ሲሰደድ ቀኑን የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረው። ያን ጊዜ የሚነግረኝ ቀንና የማየው ቀን በምንም ስሌት አይገናኙም፤ መታወቂያውን ማየት ብቻ ነው መፍትሔው።

ከቀኑ የባሰው ሰዓቱ ነው። የእኚህ እናት መድኃኒት የታይሮይድ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ይወሰዳል፤ ወረቀቱ ላይ “6 ኤኤም” ይላል። በእንግሊዝኛ ስሜት ውስጥ ሆኜ በአማርኛ “በስድስት ሰዓት ይውሰዱ” ብላቸው የምሳ ሰዓት ላይ፣ ከእንጀራው ጋር ይወስዱታል። መድኃኒቱም በሚገባው መጠን ሰውነታቸው ውስጥ አይገባም። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ መጠኑን ይጨምርላቸዋል፤ ጥፋቱ ግን የሰዓቱ ነበር። “አሥራ ሁለት ሰዓት” ብላቸውስ? እዚህ አገር ሃያ ዓመት ስለኖሩ እኩለ ቀን ይመስላቸው ይሆናል። ስለዚህ በቁጥር አልነግራቸውም። “ከእንቅልፍዎ እንደተነሡ፣ ቁርስም ቡናም ሳይቀምሱ፣ በውኃ ይዋጡት፤ ቁርስ ከመብላትዎ በፊት አንድ ሰዓት ይጠብቁ” የሚለውን ፋርማሲስቱ በአስተርጓሚ ሲያስረዳቸው እሰማለሁ፤ ከዚያ “እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ” እላቸዋለሁ። ራሳቸው መልሰው ሲናገሩት ነው ስሕተቱ የሚታየው።

በአስተርጓሚ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በአማርኛ ሰላም ስላቸው እኚህ እናት ሁሉን ነገር እኔ የማስረዳቸው መስሏቸዋል። እኔ ግን አማርኛ ተናጋሪ እንጂ የሠለጠንኩ የሕክምና አስተርጓሚ አይደለሁም፤ የመድኃኒት ምክር መስጠትም የፋርማሲስቱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሽፋን ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ስለዚህ ሰላምታው በእኔ አማርኛ፣ ምክሩ በስልኩ አስተርጓሚ ይሆናል። ለእናቲቱ የምነግራቸው ገና ከሰላምታው ቀጥሎ ነው፦ “እኔ እዚሁ አለሁ፤ ስለ መድኃኒቱ ግን ፋርማሲስቱ በአማርኛ አስተርጓሚ ያናግርዎታል፤ ክፍያ የለውም።” ዘግይቼ ብነግራቸው “ልጅቷ ሰለቸችኝ” ብለው ይቀየማሉ።

የቀሩት እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ናቸው። አያታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በአማርኛ ስናገር ሁሉን ይሰማሉ፣ መልሳቸው ግን እንግሊዝኛ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ሲያይ ያፍራል፤ “መልስላት እንጂ በአማርኛ!” ብሎ ይቆጣል። ምክንያቱን አንዲት ተማሪ ነገረችኝ። ቤት ውስጥ የሰማችው አማርኛ ወላጆቿ እሷን የሚያናግሩበት ነው፤ “አንቺ”፣ “ነይ”፣ “ብዪ” የሚለው። ያንኑ ለአዛውንት ብትለው ስድብ እንደሚሆን ታውቃለች፤ እርስዎን ግን ማንም ለእሷ ስላላላት አፏ ላይ አይመጣም። ስለዚህ ከመሳሳት እንግሊዝኛን ትመርጣለች። ከእንዲህ ያለ ልጅ ጋር እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ አንዳችን ሌላችንን አናርምም። አያቲቱ ባሉበት ግን አስተርጓሚ እንድትሆን አላደርጋትም። ስልኩን አነሣለሁ፤ ልጅቷ ከአያቷ ጎን ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ አያቲቱም የሚያማቸውን በገዛ አፋቸው ይናገራሉ።